ወንዝ አትሻገር ተብሎ

አባቴ የወንድሜ ውሻ ነከሰው ሲባል ይቆጣ ነበር። እስከ መጨረሻው "አልነከሰኝም፣ ጥርሱ ጫረኝ" ነበር የሚለው። ልክ ነው፣ ውሻው ዘሎ አልያዘውም። አባቴ ራሱ ነው እጁን አፉ ውስጥ የከተተው።

እሁድ ጠዋት ነበር። ጎፋ፣ ያኔ ገና ጭር ያለ ሰፈር፣ ከአጥራችን ጀርባ ጤፍ የሚዘራበት ዘመን። ውሻው ከዋዜማው ጀምሮ ምግብ አልቀመሰም። አገጩ ወደ ታች ወርዶ አልገጠምም ብሏል፣ ለሃጩ እንደ ክር ይንጠለጠላል። ሊጮህ ሲሞክር የሚወጣው ድምፅ የእሱ አይደለም፣ የታፈነ ነገር ነው። እናቴ አየችውና "አጥንት ተሰንቅሮበታል" አለች። አባቴ እጅጌውን ሰብስቦ ተንበረከከ፣ መንጋጋውን በግራ እጁ ይዞ ቀኝ እጁን እስከ አንጓው ድረስ ጉሮሮው ውስጥ ከተተ። አጥንት አላገኘም። እጁን ሲያወጣ የእጁ ጀርባ ላይ ሁለት መስመር ነበር፣ አንዱ ጫር ያደረገው ብቻ፣ ሌላው ግን ደም ያዘለ።

እኔ ያኔ ከቤታችን ብዙም በማይርቅ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበርኩ። ቁስል አጥባለሁ፣ አሽጋለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ። ከቤት ስወጣ አባቴን ደም እየጠረገ አገኘሁት፣ በሱሪው ነበር የሚጠርገው። ውሻውን አየሁ። አገጩን አየሁ። አንድ ቀን አንድ የቀን ሠራተኛ ጤና ጣቢያችን አምጥተውት ነበር፣ ውሃ ጠማኝ እያለ ብርጭቆውን ሲያሳዩት ጉሮሮው የሚታነቅ፣ ነፋስ ሲነካው የሚንቀጠቀጥ። ከወራት በፊት ውሻ ነክሶት ቁስሉ ስለዳነ ረስቶት ነበር። ወደ ሆስፒታል ላክነው፣ ሳይመለስ ቀረ። ከጀመረ በኋላ ማንም ምንም አያደርግለትም። ይህንን አውቃለሁ።

"ሳሙና" አልኩ።

"ለምን?" አለ አባቴ።

"ና ብያለሁ።"

አባቱን እንዲህ የምታዝ ሴት ልጅ ጉድ ነው ይባል ይሆናል። ግቢው ውስጥ ያለችው ቧንቧ ዘንድ ይዤው ሄድኩ፣ ከፍቼ እጁን ከሥሩ አስቀመጥኩ። በልብስ ሳሙናው አረፋ እያደረግኩ አጠብኩ፣ አጠብኩ። ውሃው እየወረደ፣ ቁስሉን ወደ ጎን ከፈት እያደረግኩ፣ እንደገና ሳሙና። ሰውዬው "በቃ እንግዲህ፣ ቆዳዬን ልታወጪው ነው?" ይላል። እናቴ በረንዳው ላይ ቆማ "ውሃው አለቀ፣ የሰፈሩ ሁሉ ውሃ አለቀ" ትላለች። ሰዓት እያየሁ ነው፣ ለሩብ ሰዓት ያህል አላቆምኩም። የሚያግዘኝ ሰው ከሌለ ቧንቧው ይበቃኛል ብዬ ነበር። ከዚያ አዮዲን ቀባሁት፣ ሲያቃጥለው ፊቱን አዞረ። በስስ ፋሻ ብቻ ሸፈንኩት። የውሻ ንክሻ ወዲያው አይሰፋም፣ ጠበቅ ተደርጎም አይታሰርም። የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ከጤና ጣቢያው አምጥቼ ወጋሁት። እናቴ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ በሳህን ይዛ መጣች። "ቁስሉ ላይ ምንም እንዳታደርጉ" አልኳት። ሳህኑን ይዛ ተመለሰች፣ አኮረፈች።

"ነገ ጠዋት ከተማ እንወጣለን" አልኩት አባቴን። "የእብድ ውሻ መርፌ ሆድ ላይ ይወጋል፣ በየቀኑ።"

"በየቀኑ? ለስንት ቀን?"

"ከሁለት ሳምንት በላይ።"

ሳቀ። "ለጭረት?"

ውሻውን አጥሩ ጥግ በሰንሰለት አሰርነው፣ ማንም እንዳይቀርበው አልን። እናቴ ጨርቅ ጣለችለት። ውሻው የወንድሜ ነው ብያለሁ። ቡችላ ሆኖ በኮቱ ኪስ ውስጥ ይዞት የመጣ ጊዜ አባቴ "እኛው ሳንጠግብ" ብሎ ነበር። ወንድሜን አስረው ከወሰዱት በኋላ ውሻው ሌሊቱን በር ላይ ተኝቶ ያድራል። አባቴም በቅድሚያ ለእሱ ፍርፋሪ ሳይሰጥ ምሳውን አይበላም። ስለ ወንድሜ አይወራም ነበር፣ ዝም አይነቅዝም ይባላል። ስለ ውሻው ግን ይወራል። "ዛሬ ከፋው" ይላል አባቴ፣ "ዛሬ ደህና ነው" ይላል። ማንን ማለቱ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ሰኞ ጠዋት አባቴን ልይዘው ስነሳ አልጋው ባዶ ነው። ሳይነጋ ወጥቷል። እናቴ ነገረችኝ፦ ከሰፈራችን ወደ ለቡ መውጫ ላይ የእብድ ውሻ መድኃኒት የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ አሉ። በባዶ ሆድ፣ በወተት የሚጠጣ ሥር ነው። ወደ እሳቸው ሄዷል።

ጥሩ ሽማግሌ ነበሩ፣ ለማማት አይደለም የማወራው። ገንዘብ አይቀበሉም፣ ያባታቸው ሙያ ነው። ጥዋት ሥሩን ፈጭተው በወተት አጠጡት፣ ጀርባውን መቱት፣ ከዚያ ሕጉን ነገሩት። ለአርባ ቀን ወንዝ አይሻገርም። ጅረትም ቢሆን። ውሃ ከተሻገረ መድኃኒቱ ይፈርሳል፣ በሽታው እንደ ገና ይነሳል፣ ያኔ ማንም አያድነውም።

አባቴ ይህንን የነገረኝ ደስ ብሎት ነው። "በቃ ተገላገልን" አለኝ።

መርፌው የሚሰጥበት ቤት ያለው ከተማው ውስጥ ነው። ከጎፋ ከተማ ለመግባት ድልድይ ማለፍ የግድ ነው። በእግርም ሆነ በአውቶቡስ።

ያን ሳምንት ያልተናገርኩት ነገር የለም። የቀን ሠራተኛውን ነገርኩት። ውሃ የሚጠማው ሰው ውሃ ሲያይ እንዴት እንደሚሆን በእጄ አሳየሁት። "የሽማግሌው ሥር ቢሠራ ደስታዬ ነው፣ ግን ሁለቱንም ቢወስድ ምን ይጎዳል?" አልኩት። ዋናው ነገር ይሄ ነበር፣ መጎዳቱ። "ሁለቱ አይገጥሙም፣ ብሻገር እሞታለሁ" ይላል። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ዘንድ ሄጄ መርፌው ወደ እኛ ይመጣ እንደሆነ ጠየቅኩ። በበረዶ ካልተያዘ ይበላሻል፣ እኛ ደግሞ የምናቆይበት የለንም፣ እዚያው ድረስ ይምጣ አሉኝ። አባቴን እቤት ድረስ መጥተው መከሩት። "እሺ" አለ፣ ቡና ጋበዛቸው፣ ከሄዱ በኋላ "ጥሩ ሰው ናቸው" አለ። ከበራችን አልተነቃነቀም።

የሚገርመኝ አለመጨቃጨቁ ነው። አባቴ ግትር ሰው አይደለም። ለሽማግሌው ቃል የገባ ሰው ነው እንጂ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ውሻው ሞተ። የኋላ እግሮቹ ቀድመው ከዱት፣ በሰንሰለቱ ልክ ዞረና ተኛ። አባቴ ሊቀብረው አካፋ አነሳ። "አይቀበርም" አልኩ። ጭንቅላቱ መመርመር ነበረበት። ከማዘጋጃ ቤት አንድ ሰውዬ ወፍራም ጓንት አድርጎ መጥቶ ጭንቅላቱን ቆረጠው፣ በላስቲክ ጠቅልሎ በበረዶ የተሞላ ባልዲ ውስጥ አስቀመጠልኝ። የቀረውን እሱው ወሰደው። አባቴ ይህንን ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶ ነው ያሳለፈው። አውቶቡስ ውስጥ ባልዲውን በእግሮቼ መሃል አድርጌ ስሄድ አጠገቤ የነበረች ሴት "ቅቤ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። "አዎ" አልኳት። የውሻው ጭንቅላት ከአባቴ ቀድሞ ወንዙን ተሻገረ።

በማግስቱ ውጤቱን ልሰማ ሄድኩ። የምርመራ ክፍሉ ሰው ወረቀቱን ሳይሰጠኝ በፊት "የተነከሰው ሰውዬ የታለ?" አለኝ።

"ቤት ነው።"

"ቤት ምን ይሠራል? ውሻው በሽታው አለበት።"

ምን ብዬ ልንገረው? ወንዝ አትሻገር ተብሎ ነው ልበለው? "አመጣዋለሁ" አልኩ። በመንገድ ላይ አላለቀስኩም። ነገሩ የሚያስለቅሰኝ ቦታ ድረስ ገና አልገባም ነበር። እጆቼን አየኋቸው፣ ንጹሕ ነበሩ፣ ቤት ገብቼ ግን እንደገና ታጠብኩ።

ለአባቴ ነገርኩት። "እንግዲያው የሽማግሌው መድኃኒት በጊዜ ደርሶልኛል ማለት ነው" አለ። ለሰሚው ግራ። ያን ጊዜ አባቴን ጠላሁት። እውነቴን ነው፣ ቁጭ ብሎ ሬዲዮ ሲሰማ አየሁትና ጠላሁት። ቁስሉ ግን በንጽሕና እየደረቀ ነበር፣ ጠዋት ጠዋት ፈትቼ አጥበዋለሁ፣ እሱም እጁን እንደ ልጅ ይሰጠኛል።

አርብ የስንቅ ቀን ነው። ወንድሜ የታሰረበት ከተማው መሃል ነበር፣ በሳምንት አንድ ቀን ምግብ ይቀበላሉ፣ ያለፈውን ሳምንት ሳህን ይመልሳሉ። መጠየቅ፣ ማየት የለም። ግን ሳህኑ አለ። ወንድሜ እንጀራው ሲያልቅ አንዲት ቁራጭ አጥፎ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ይተዋል። ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚበላው፣ እናቴ ስትቆጣው የኖረችበት ነገር። አባቴ ሳህኑን ተቀብሎ ጨርቁን ፈትቶ ያቺን ደረቅ ቁራጭ ያያል። "ደህና ነው" ብሎ ይመለሳል። ልጁ በሕይወት መኖሩን የምናውቀው በዚያች ቁራጭ ብቻ ነበር።

ሐሙስ ማታ "ነገ እኔ አደርሰዋለሁ" አልኩት።

"እሺ" አለ።

አርብ ጠዋት ስነሳ ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን አድርጎ፣ ሳህኑን በጨርቅ ቋጥሮ ይዞ በር ላይ ቆሟል። የወንድሜ ተወዳጅ፣ ምስር ወጥ ነበር የተሠራለት።

"አባባ፣ ወንዙስ?"

"ልጄን ይርበዋል።"

"እኔ አደርሰዋለሁ ብዬሃለሁ እኮ።"

"አንቺ ቁራጯን አታውቂያትም" አለ። "ሌላ ሰው ቆርሶ ቢያስቀምጥ ታምኛለሽ። እኔ አጣጠፉን አውቀዋለሁ።"

እናቴ የግቢውን በር ከፈተችለት። አብሬው ወጣሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ለምን እደብቃለሁ? አንዴ ይሻገርልኝ እንጂ ከዚያ ወዲያ አስር ወንዝ ቢኖር ግድ የለኝም ብዬ ነበር።

በእግር ነው የሄድነው፣ አውቶቡስ አልሳፈርም አለ። ድልድዩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከታች ያለው ውሃ የሳሙና አረፋና ቆሻሻ የሚወርድበት ትንሽ ነገር ነው፣ ዘለል ብለህ የምታልፈው። ባርኔጣውን አወለቀ፣ አማተበ፣ ተሻገረ። ማዶ ላይ ፊቱን አየሁት፣ ያበቃለት ሰው ፊት ነበር። አባቴ ከልቡ አምኖ ነው ወደ ሞቱ የሄደው፣ ይህንን ማንም ሊያሳንስብኝ አይችልም።

"በቃ፣ መድኃኒቱ ፈረሰ" አለኝ።

"እንግዲያው የእኛን ሞክረው" አልኩት። "አሁን ምን ቀረብህ?"

ትንሽ ተራመደ። "ሳህኑን ከተቀበልኩ በኋላ" አለ።

እስር ቤቱ በር ላይ ሰው ተሰልፏል፣ እናቶች፣ ሚስቶች። ተራችን ሲደርስ አባቴ የወንድሜን ስም ተናገረ። ጠባቂው ገባ። ሲመለስ ሳህን ይዟል፣ ሳህኑ አጠገብ ደግሞ የተጠቀለለ ሹራብና አንድ ሱሪ። የያዝነውን አልተቀበለም።

"ከእንግዲህ አታምጡ" አለ።

"ወዴት ሄደ?" አለ አባቴ።

"ተዛውሯል። ሰኞ ነው የተዛወረው።"

"ወዴት?"

"አታምጡ ተባልክ፣ አባት" አለ ጠባቂው። ክፉ አልነበረም፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ከኋላችን የነበረችው ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ያን ዘመን ልብስ ሲመለስ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም።

አባቴ የተመለሰውን ሳህን ጨርቅ ፈታ። ታጥቧል። ምንም የለበትም።

መንገዱ ዳር ቁጭ አለ። አንድ ነገር ብቻ ነበር ራሴ ውስጥ፦ ሰዓቱ። መርፌው ቤት ከሰዓት በኋላ ይዘጋል። አርብ ነው፣ ዛሬ ካልጀመረ እንደገና አይሻገርልኝም። ወንድሜን እዚያው የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተውኩት፣ አባቴን ክንዱን ይዤ አነሳሁት። እሱም ተነሳ። አሁን ወንዝም፣ ሽማግሌም፣ እኔም ለእሱ አንድ ነበርን።

መርፌው ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ሰው ሞልቷል፣ ከሩቅ አገር የመጡ ሁሉ። አባቴ ሙሉውን ሳህን ጭኑ ላይ፣ ባዶውን ከሥሩ፣ ሹራቡን በብብቱ ይዞ ተቀመጠ። አጠገቡ ክንዷ በቆሸሸ ሻሽ የታሰረ የገጠር ሴት ነበረች፣ ሁለት ቀን በመንገድ እንዳደረች ለነርሷ ስትነግር ሰምተናል። አባቴ ሙሉውን ሳህን አንስቶ ሰጣት።

"ለማን ነው?" አለች።

"ብዪ" አላት።

በላች። እስክትጨርሰው ድረስ አየናት። ቁራጭ አላስተረፈችም።

ነርሷ ኮስታራ፣ እድሜዋ የገፋ ሴት ናት። የአባቴን እጅ ፈትታ አየችው። "ማን አጠበው?" አለች።

"እኔ ነኝ፣ ወዲያውኑ" አልኩ።

"ደግ አድርገሻል። ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?" ፊታችንን አየችና ድምፅዋ ተለወጠ። "ዘግይታችኋል፣ ግን አልረፈደም። በሽታው ራሱን ሳያሳይ መጀመር ነው ዋናው። አንድ ቀን እንዳይቀር፣ አባት። ሸሚዝዎን ወደ ላይ ያድርጉልኝ።"

የሆዱ ቆዳ ሽምቅቅ ያለ ነበር። የያኔው መርፌ ከዛሬው ጋር አይገናኝም፣ ዛሬ ክንድ ላይ በጥቂት መርፌ ያልቃል። ያኔ ሆድ ላይ፣ አንድ ቀን በግራ፣ አንድ ቀን በቀኝ፣ ያበጠውን እያለፉ ነው። ትልልቅ ሰዎች ሲጮሁ ሰምቻለሁ። አባቴ ግድግዳ ግድግዳውን ያይ ነበር። ነርሷ "አመመዎት?" ብላ ጠየቀችው።

"ምኑ?" አላት።

በየቀኑ ወሰድኩት። ቤታችን ለቅሶ አልተቀመጠም፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ሞት ድንኳን መጣል ክልክል ነበር። ጎረቤት እየመጣ "የባለቤትዎ እጅ እንዴት ሆነ?" እያለ ይጠይቃል፣ እናቴም "ተሽሎታል፣ እግዜር ይስጥልን" ትላለች፣ ሁሉም ስለ ሌላ ነገር እንደሚያወራ እያወቀ። ለአባቴ እጅ ነው የተለቀሰው። አንዲት ጎረቤት የተፋሻ እጁን ይዛ ትንፋሽ እስኪያጥራት አለቀሰች፣ አባቴም "ጭረት ናት እኮ" እያለ አጽናናት።

አንድ ቀን ከመርፌ ስንመለስ ድልድዩ ላይ ቆመ። "እኔ ነኝ የተሻገርኩት" አለ። "ለእኔ የመጣው ነው እሱ ላይ ያረፈው።"

ቁጣዬ መጣ። ያን ሁሉ ጊዜ የት እንደነበረ እንጃ። "አባባ" አልኩት፣ "ሰኞ ነው የወሰዱት። ሰኞ አንተ ወተትህን ጠጥተህ እቤትህ ነበርክ። አርብ ነው የተሻገርከው። ወንዙ ምን አደረገ?"

አሰበበት። በጣቱ እየቆጠረ ነበር፣ ፋሻው በሌለበት እጁ። "ሰኞ" አለ። "ልክ ነሽ።" የሚያጽናናው መስሎኝ ነበር። ግን ወንዙን ከወሰድኩበት በኋላ የሚወቅሰው ነገር አልቀረለትም፣ ከዚያ ቀን በኋላ መንገድ ላይ ማውራቱን ተወ።

የመጨረሻውን መርፌ የወጋችው ያችው ነርስ ናት። ሆዱን በጥጥ ጠረገችለት፣ ካርዱን መለሰችለት። "ጨርሰዋል፣ አባት። ትኩሳት ወይም የእግር መዛል ካለ ቶሎ ይመለሱ፣ ከዚያ ውጪ በሰላም ይኑሩ" አለችው። እጁን አየሁት። ሁለቱ መስመሮች ነጥተው ነበር፣ አንዱ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም።

በእግር ተመለስን። ድልድዩን አለፍን፣ ቀና ብሎም ዝቅ ብሎም አላየውም። ወደ ጎፋ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ቆሞ ዞር አለ።

"ዳንኩ ማለት ነው?" አለኝ።

"ዳንክ፣ አባባ።"

"አይ ልጄ" አለ፣ ባርኔጣውን እያስተካከለ። "እንግዲህ ምን ላድርግ?"

እናቴ ምሳ ይዛ እየጠበቀችን እንደሆነ ነገርኩት፣ ወደ ቤትም ሄድን።